ድምሩ ያልገጠመ ጄል ካርታ አይሆንም
በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ የፕላስሚድ ካርታ ሥራ ብዙ ጊዜ በአንድ ፎቶግራፍና በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ ይቀርባል። ፎቶግራፉ በቆራጭ ኢንዛይም የተቆረጠ ፕላስሚድ የሮጠበት የአጋሮዝ ጄል ምስል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ «ፕላስሚዱ በሚጠበቀው መጠን ተቆርጧል» ይላል። የዚህ አስተያየት ዓላማ ይህ አቀራረብ ማስረጃ ሊባል እንደማይገባው ማሳየት ነው። ጄል የሚያሳየን የቁራጮችን ርዝመት ብቻ ነው፤ ካርታ ግን የቁራጮችን ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ከርዝመት ወደ ቅደም ተከተል የሚያሻግረን ምስሉ ሳይሆን ስሌቱ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ያልቀረበበት ምስል፣ በተለይም የቁራጮቹ ድምር ያልተገለጸበት ምስል፣ በፈታኞች ዘንድ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም እላለሁ።

ጉዳዩ እንደ መቱ ባለ ከተማ ለሚሠራ ተመራማሪ ይበልጥ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን ስንሠራ የአንድን ፕላስሚድ ሙሉ ቅደም ተከተል ለማስነበብ ናሙናውን መላክና ውጤቱን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ቆርጦ በጄል ማየት ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ይህ ርካሽ ፍተሻ በትክክል ከተነበበ የተሳሳተ ናሙና ከመላክ ያድነናል። በተሳሳተ መንገድ ከተነበበ ደግሞ ወራት የፈጀ ሥራ በሌለ ነገር ላይ ይቆማል።

የታወቀ ፕላስሚድ እንደ ምሳሌ

ሐሳቡን በተጨባጭ ለማየት መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ፕላስሚድ እንውሰድ። ፒቢአር322 እ.ኤ.አ. በ1977 በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራ ሲሆን ስሙ የሠሪዎቹን የቦሊቫርንና የሮድሪጌዝን የመጀመሪያ ፊደላት ይዟል። ሙሉ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ መጀመሪያ 4,362 ቤዝ ጥንድ ተብሎ ተመዘገበ፤ ከቀጣይ እርማቶች በኋላ 4,361 ሆኖ ጸና። ኢኮአርዋን፣ ባምኤችዋንና ፒኤስቲዋን የተባሉት ሦስት ኢንዛይሞች እያንዳንዳቸው ይህን ክብ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቆርጡታል። የባምኤችዋን ቦታ ቴትራሳይክሊንን በሚያስመክተው ጂን ውስጥ፣ የፒኤስቲዋን ቦታ ደግሞ አምፒሲሊንን በሚያስመክተው ጂን ውስጥ ይገኛል።

አሁን ካርታውን እንደማናውቅ ቆጥረን ከጄሉ እንነሣ። እያንዳንዱ ኢንዛይም ብቻውን ሲቆርጥ አንድ ባንድ ብቻ ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ክብ አንድ ቀጥ ያለ ቁራጭ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ ሦስቱ ነጠላ ቁርጦች የፕላስሚዱን ሙሉ መጠን ይሰጡናል፣ ስለ ቦታዎቹ አቀማመጥ ግን ምንም አይነግሩንም። አቀማመጡን የሚነግሩን ጥንድ ቁርጦች ናቸው። ለማስረዳት ያህል ከጄሉ የሚከተለው ተነበበ እንበል፤ በኢኮአርዋንና በባምኤችዋን 380 እና 3,900፣ በኢኮአርዋንና በፒኤስቲዋን 760 እና 3,700፣ በባምኤችዋንና በፒኤስቲዋን 1,120 እና 3,200። የመጀመሪያው ተግባር መደመር ነው።

```
380 + 3900 = 4280
760 + 3700 = 4460
1120 + 3200 = 4320
```

ሦስቱም ድምሮች ነጠላ ቁርጡ ከሚያሳየው 4,361 በ3 በመቶ ክልል ውስጥ ናቸው። በሚሊ ሜትር ተለክቶ ለተነበበ ጄል ይህ ጥሩ መቀራረብ ነው። ስለዚህ በሦስቱም ረድፎች የጠፋ ወይም የተደበቀ ቁራጭ የለም ብለን መቀጠል እንችላለን።

ቀጥሎ አቀማመጡን እናስላ። የኢኮአርዋንን ቦታ መነሻ እናድርገው። ባምኤችዋን ከመነሻው በ380 ርቀት፣ ፒኤስቲዋን ደግሞ በ760 ርቀት ላይ እንዳሉ ከሁለቱ ጥንድ ቁርጦች አውቀናል፤ ነገር ግን በየትኛው ወገን እንደሆኑ አናውቅም። ሁለቱም በአንድ ወገን ቢሆኑ በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት 760 ሲቀነስ 380፣ ማለትም 380 ይሆናል፤ ሦስተኛው ጥንድ ቁርጥም 380 እና 3,980 ገደማ ይሰጠን ነበር። በተቃራኒ ወገኖች ቢሆኑ ግን ርቀቱ 380 ሲደመር 760፣ ማለትም 1,140 ይሆናል። ጄሉ ያሳየን 1,120 ነው። እንግዲህ የኢኮአርዋን ቦታ በሁለቱ መካከል እንዳለ ተረጋገጠ። ካርታውን የወሰነው ይህ ሦስተኛ ረድፍ ነው፤ እርሱ ባይኖር ሁለት እኩል የሚያስኬዱ ካርታዎች ይኖሩን ነበር። ሦስቱን ኢንዛይሞች በአንድነት ብንጠቀም 380፣ 760 እና 3,200 ማግኘት አለብን፤ ይህ የራሳችንን መደምደሚያ የምንፈትንበት ረድፍ ነው።

በታተመው ቅደም ተከተል መሠረት እውነተኞቹ መጠኖች 377 እና 3,984፣ 752 እና 3,609፣ 1,129 እና 3,232 ናቸው። ከጄል የተነበቡት ቁጥሮች ከእነዚህ ቢለያዩም የደረስንበት ካርታ አንድ ነው። ልዩነቱ የመለኪያው ጥራት ውስን መሆኑን ያሳያል እንጂ ካርታውን አያፈርስም። ስለዚህ ከጄል የተነበበን ቁጥር «377» ብሎ እስከ አንድ ቤዝ ጥንድ መጻፍ ራሱ ጥርጣሬ ሊያሳድርብን ይገባል። እንዲህ ያለ ቁጥር የመጣው ከኮምፒውተር ትንበያ ነው፤ ከጄሉ አይደለም።

ትንሹ ባንድ ሲጠፋ

ከላይ ያለው ስሌት የሠመረው ትንሹ 380 ስለታየ ነው። በተግባር በመጀመሪያ የሚጠፋው ግን እርሱ ነው። አንድ ፕላስሚድ ሲቆረጥ ሁሉም ቁራጮች በቁጥር እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በክብደት ነው። የቀለሙ ድምቀትም ክብደትን ይከተላል። ከ4,361 ውስጥ 377 ማለት 8.6 በመቶ ብቻ ነው። በረድፉ ላይ 100 ናኖግራም ዲኤንኤ ብንጭን ትንሹ ባንድ 8.6 ናኖግራም ብቻ ይይዛል። በ0.8 በመቶ አጋሮዝ ውስጥ ትንንሽ ቁራጮች ስለሚሠራጩ ይህ መጠን በኢቲዲየም ብሮማይድ በግልጽ ላይታይ ይችላል። 300 ናኖግራም ብንጭን ወደ 26 ናኖግራም ከፍ ይላል። ከዚህም ሌላ ብሮሞፌኖል ብሉ የተባለው የመጫኛ ቀለም በዚሁ አካባቢ ስለሚሮጥ በፎቶግራፉ ላይ ጥላ ጥሎ ባንዱን ሊሸፍነው ይችላል።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ችግሩ ይባባሳል። ሩጫው በመሃል ሲቆም ባንዶቹ በቦታቸው ሆነው በጄሉ ውስጥ ይሠራጫሉ፤ ከሁሉም ፈጥነው የሚሠራጩት ትንንሾቹ ናቸው። ኃይሉ ሲመለስ ሩጫውን ብንቀጥል ትልልቆቹ ባንዶች ደኅና ሆነው ስለሚታዩ ጄሉ የሠራ ይመስላል። ስለዚህ ሩጫው ምን ያህል ጊዜ እንደተቋረጠ በምስሉ ሥር መጻፍ እንደ ቮልቱና እንደ ጄሉ መቶኛ ሁሉ የዘዴው አካል ነው።

ትንሹ ባንድ ከጠፋ በኢኮአርዋንና በባምኤችዋን ረድፍ የሚቀረን አንድ ባንድ ብቻ ነው። ይህ አንድ ባንድ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱም ኢንዛይሞች ሠርተው 377ቱ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል፤ ያኔ ባንዱ 3,984 ነው። ወይም አንዱ ኢንዛይም ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል፤ ያኔ ባንዱ 4,361 ነው። ሁለቱን በዓይን መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር እንመልከት። የመለኪያ ዲኤንኤው 4,361 ባንድ ከናሙና ጉድጓዱ 30 ሚሊ ሜትር፣ 2,322 ባንድ ደግሞ 41 ሚሊ ሜትር ሮጠዋል እንበል። የተሮጠው ርቀት ከርዝመቱ ሎጋሪዝም ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው ብለን ስናሰላ በዚህ ክልል የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት የ6 በመቶ ያህል የመጠን ስሕተት ነው፤ በ3,200 አካባቢ ወደ 190 ቤዝ ጥንድ ይጠጋል። በ3,984 እና በ4,361 መካከል ያለው ርቀትም 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የባንዱ ውፍረት ራሱ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ትልቁን ባንድ ብቻ አይቶ «ሁለቱም ቆርጠዋል» ወይም «አልቆረጡም» ማለት የማይቻለው።

መፍትሔው በሌሎቹ ረድፎች ውስጥ አለ። ነጠላ ቁርጡ በአጠገቡ ከሮጠ ጄሉን አርዝሞ በማስሮጥ ሁለቱን ባንዶች ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል። ባምኤችዋን ከፒኤስቲዋን ጋር 1,120 እና 3,200 ሰጥቶ ከሆነ ባምኤችዋን እንደሚሠራ ታውቋል፤ እንዲሁም ኢኮአርዋን ከፒኤስቲዋን ጋር 760 ካወጣ እርሱም እንደሚሠራ ታውቋል። በዚህ ሁኔታ በጥንድ ቁርጡ የጎደለው ትንሹ ቁራጭ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል፤ በ1.5 ወይም በ2 በመቶ አጋሮዝ ብዙ ዲኤንኤ ጭኖ መፈለግም ይገባል። እነዚህ ረድፎች ከሌሉ ግን የምናየው አንድ ባንድ ነው፣ የምንጽፈውም ግምት ነው።

መለኪያውም ይጠየቅ

ቁራጮቹን የምንለካበት መለኪያ ዲኤንኤ ራሱ መመርመር አለበት። በሂንድስሪ የተቆረጠ የላምዳ ፋጅ ዲኤንኤ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚገኝ መለኪያ ሲሆን 23,130፣ 9,416፣ 6,557፣ 4,361፣ 2,322፣ 2,027፣ 564 እና 125 ቤዝ ጥንድ የሆኑ ቁራጮች አሉት። በአጋጣሚ አራተኛው ከፒቢአር322 ሙሉ ርዝመት ጋር እኩል በመሆኑ ለእኛ ምሳሌ የተስማማ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ወጥመዶች አሉት።

የመጀመሪያው፣ 4,361 የሆነው ቁራጭና 23,130 የሆነው ቁራጭ የላምዳ ሁለት ዳር ጫፎች ናቸው። ጫፎቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ሁለቱ ቁራጮች ተያይዘው እንደ አንድ ረጅም ዲኤንኤ ይሮጣሉ። መለኪያው ከመጫኑ በፊት በ65 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ5 ደቂቃ ያህል ሞቆ ወዲያው ካልቀዘቀዘ የ4,361 ባንድ ይደበዝዛል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ባንዶቹን ከላይ ወደ ታች ሲቆጥር አንድ ደረጃ ስቶ 2,322ን 4,361 ብሎ ሊሰይም ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚነበበው መጠን ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው፤ 2,322 እና 2,027 ተቀራርበው የሚሮጡ ጥንዶች ስለሆኑ ቆጠራው ከእነርሱ ቢጀምር ስሕተቱ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ በ2,027 እና በ564 መካከል ምንም ምልክት የለም፤ 125 የሆነውም ባንድ በአብዛኛው አይታይም። የእኛ 752 እና 1,129 በዚህ ባዶ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ፤ 377 ደግሞ ከመጨረሻው ከሚታየው ምልክት በታች ነው። በዚህ መለኪያ ብቻ 377ን መገመት ከመስመሩ ውጭ ተሻግሮ መገመት ነው። ስለዚህ ትንንሽ ቁራጮችን የሚጠብቅ ሰው በ100 ቤዝ ጥንድ የሚራመድ መለኪያ በሌላው ዳር ጨምሮ መጫን ይኖርበታል።

ያልተቆረጠና በከፊል የተቆረጠ

ያልተቆረጠውን ፕላስሚድ በአንድ ረድፍ መጫን አላስፈላጊ ወጪ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ያልተቆረጠ ፕላስሚድ በአንድ ቅርጽ ብቻ አይገኝም። አጥብቆ የተጠማዘዘው ቅርጽ ተጨምቆ ስለሚገኝ እኩል ርዝመት ካለው ቀጥ ያለ ዲኤንኤ ቀድሞ ይሮጣል፤ አንድ ክሩ ብቻ የተበጠሰው ክብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ይቀራል። የመለኪያው ባንዶች ሁሉ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እነዚህን ቅርጾች በእነርሱ መለካት ትርጉም የለውም። ቁርጡ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ የተጠማዘዘው ቅርጽ ቢተርፍ ከሙሉው ያነሰ አዲስ ቁራጭ መስሎ ይታያል። ያልተቆረጠው ረድፍ አጠገቡ ካለ ግን ባንዱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይለያል።

ኢንዛይሞች የሚቀመጡት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣው ደጋግሞ የሚጠፋበት ቤተ ሙከራ የኢንዛይሞቹ አቅም ቀስ በቀስ ስለሚደክም በከፊል የተቆረጠ ዲኤንኤ የዘወትር እንግዳ ይሆናል። በከፊል መቆረጥ በሁለት ምልክቶች ይታወቃል። አንደኛ፣ የቁራጮቹ ድምር ከሙሉው ይበልጣል፤ ከትልልቆቹ ባንዶች አንዱም የሁለት ትንንሾች ድምር ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ያ ባንድ ለርዝመቱ ከሚገባው ያነሰ ድምቀት ይኖረዋል። ለምሳሌ በሦስቱ ኢንዛይሞች ረድፍ ከ380፣ ከ760 እና ከ3,200 ጋር አንድ ደብዛዛ 1,140 ቢታይ አዲስ የመቁረጫ ቦታ አልተገኘም፤ ኢኮአርዋን ከፊሉን ሳይቆርጥ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ እንደ ጉድለት ብቻ መታየት የለበትም። 380 እና 760 ጎረቤታሞች መሆናቸውን ይህ ባንድ በራሱ ይመሰክራል። ካትሊን ዳናና ዳንኤል ናታንስም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኤስቪ40 ቫይረስን ቁራጮች ቅደም ተከተል ሲያበጁ በከፊል የተቆረጡ ቁራጮችን ሆን ብለው ተጠቅመዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ቅደም ተከተል ማስነበብ እየረከሰ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ነው። ቅደም ተከተል ከጄል የላቀ ማስረጃ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለንባብ የሚላከው ናሙና የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ጄሉ ነው። ከሚፈለገው ቅኝት ውጭ ገልብጦ የገባ ጂን፣ ሁለት ፕላስሚዶች የተቀላቀሉበት ናሙና፣ ወይም ባዶ ተሸካሚ ወደ ሩቅ ከመላኩ በፊት እዚሁ ሊለይ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጪ ነው። እንቁጠረው፤ ያልተቆረጠ አንድ፣ ነጠላ ቁርጦች ሦስት፣ ጥንድ ቁርጦች ሦስት፣ የሦስቱ ቁርጥ አንድ፣ በሁለቱ ዳር መለኪያ ሁለት፣ በድምሩ አሥር ረድፍ ነው። በየረድፉ 300 ናኖግራም ቢጫን ለስምንቱ የሚበቃው 2.4 ማይክሮግራም ፕላስሚድ ነው። ይህ አንድ ጄል ነው። አንድ ረድፍ ብቻ ጭኖ ሦስት ጊዜ ከመድገም አይበልጥም።

ገደቡና የሚጠየቀው

ይህ ዘዴ ትንንሽ ፕላስሚዶችን በሚገባ ያገለግላል፤ ለትልልቆቹ ግን ይዳከማል። በመቱና በበደሌ ከታካሚዎች ከተለዩ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ፕላስሚድ ያወጣ ተማሪ 60,000 ቤዝ ጥንድ የሆነ ፕላስሚድ ሊያጋጥመው ይችላል። ስድስት ፊደል የሚያነብ ኢንዛይም በአማካይ በየ4,096 ፊደል አንድ ቦታ ስለሚያገኝ ቁራጮቹ ወደ አሥራ አምስት ይደርሳሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ እኩል ሆነው በአንድ ባንድ ይደራረባሉ፤ ያኔ ድምሩ ያንሳል፣ ከበላዩ ካለው ትልቅ ባንድ ይልቅ የደመቀ ትንሽ ባንድም ይታያል። ሁለቱ ከተሞች «አንድ ዓይነት ፕላስሚድ» ይጋራሉ ብሎ ለመጻፍ በአንድ ኢንዛይም የተገኘ ተመሳሳይ መልክ አይበቃም፤ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞች መመሳሰልና የድምሮቹ መግጠም ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ማስረጃ ተላላፊነትን በሚመለከት መደምደሚያ ላይ ሲውል የሚጎዳው የሕሙማንን ክትትል ነው።

ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ከጄል የወጣ ካርታ ሲቀርብ ሦስት ነገሮች እንዲጠየቁ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ያልተቆረጠውን፣ ነጠላና ጥንድ ቁርጦችን የያዘ፣ ከናሙና ጉድጓዶቹ እስከ ጄሉ ግርጌ ያልተከረከመ ምስል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተር ትንበያ ከመታየቱ በፊት የተነበቡ መጠኖች ሠንጠረዥ፤ ትንበያውን አስቀድሞ ያየ ዓይን የሚጠብቀውን ባንድ ማግኘቱ አይቀርምና። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ ድምርና ከሙሉው ያለው ልዩነት በመቶኛ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ጸሐፊው ምክንያቱን እስኪያስረዳ ድረስ ካርታው ረቂቅ ተብሎ ይመዝገብ።